አንድ ስህተት ስንት ጊዜ ይቀጣል?

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የቤት ሥራዋን ደብተር ላይ ሠርታ፣ በስልክ ፎቶ አንስታ፣ ለመምህሯ በቴሌግራም ላከች እንበል። ጥያቄው ስለ ውሃ ታንከር ነው። ታንከሩ ሲሊንደር ነው፤ የወለሉ ዲያሜትር 1.4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር። ፓይ 22/7 ተብሎ እንዲወሰድ ታዟል። (ሀ) ታንከሩ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል? 3 ማርክ። (ለ) በደቂቃ 22 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ባዶውን ታንከር በስንት ደቂቃ ይሞላዋል? 3 ማርክ። (ሐ) መብራት የሚኖረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብቻ ከሆነ ታንከሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞላል? ምክንያትሽን አሳዪ። 2 ማርክ።

ትክክለኛው አሠራር አጭር ነው። ሬዲየሱ የዲያሜትሩ ግማሽ ስለሆነ 0.7 ሜትር ይሆናል። የወለሉ ስፋት 22/7 × 0.7 × 0.7፣ ማለትም 1.54 ሜትር ካሬ ነው፤ በቁመቱ ሲባዛ 3.08 ሜትር ኩብ ይመጣል። አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነውና 3080 ሊትር ለ22 ሲካፈል 140 ደቂቃ። ይህ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ መብራቱ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ስለዚህ ታንከሩ ይሞላል።

ተማሪዋ ግን ዲያሜትሩን ሬዲየስ አድርጋ ወሰደችው። 1.4ን በራሱ አባዝታ 1.96 አገኘች፤ በ22/7 ስታባዛው 6.16፣ በ2 ስታባዛው 12.32 ሜትር ኩብ ሆነ። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አላጠፋችም። 12.32ን ወደ 12320 ሊትር ቀየረች፣ ለ22 አካፈለች፣ 560 ደቂቃ ጻፈች። ቀጥላም 560 ደቂቃ 9 ሰዓት ከ20 መሆኑን አስልታ፣ ከ4 ሰዓት ስለሚበልጥ «አይሞላም» ብላ ደመደመች።

መምህሩ የመልስ ቁልፉን ብቻ ይዞ ቢያርም ሦስቱም መልሶች ስህተት ናቸው፤ 3.08 የለም፣ 140 የለም፣ «ይሞላል» የለም። ከ8 ዜሮ። ይህ ውጤት ግን ስለ ልጅቱ የሚናገረው ውሸት ነው። ሜትር ኩብን ወደ ሊትር መቀየር ታውቃለች፤ የውሃው መጠን ለፍሰቱ እንዴት እንደሚካፈል ታውቃለች፤ ደቂቃን ወደ ሰዓት ለውጣ አወዳድራለች። የማታውቀው፣ ወይም በዚያች ሰዓት የዘነጋችው፣ ዲያሜትርና ሬዲየስ አንድ አለመሆናቸውን ብቻ ነው። ያቺ አንዲት ጥፋት በሦስት ቦታ ቅጣት ታስከፍላት ወይስ በተፈጸመችበት ቦታ ብቻ?

ይህ ጥያቄ በትልልቅ የፈተና ተቋማት ዘንድ ከተዘጋ ቆይቷል። የካምብሪጅ፣ የኢንተርናሽናል ባካሎሬት፣ የእንግሊዝ የጂሲኤስኢ አራሚዎች የሚከተሉት የማርክ መመሪያ በመጀመሪያ የተሠራ ስህተት በኋለኞቹ ክፍሎች በወጥነት ከተሠራበት የኋለኞቹን ማርክ እንዲሰጡ ያዛቸዋል። በሂሳብ መመሪያዎቹ ላይ «ኤፍ ቲ» የሚል ምሕጻር ይጻፋል፤ የሳይንስ አራሚዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ኢ ሲ ኤፍ» ይሉታል። እዚህ ተከታይ ማርክ እንበለው።

ነገሩ እንዲሠራ ማርኮቹ አስቀድመው በዓይነት መለየት አለባቸው። አንደኛው የአሠራር ማርክ ነው፤ ተማሪው ተገቢውን መንገድ መምረጡን ይመዝናል። ሁለተኛው የውጤት ማርክ ነው፤ በዚያ መንገድ ተሄዶ የተገኘውን ቁጥር ይመዝናል። የእኛን ጥያቄ (ሀ) ብንወስድ፣ ሬዲየሱን 0.7 ብሎ ማውጣት 1፣ በ πr²h ውስጥ መተካት 1፣ 3.08 ማግኘት 1 ተብሎ ሊከፈል ይችላል። ተማሪዋ የመጀመሪያውን አጣች። ሁለተኛውን ታገኛለች፤ ቀመሩን መርጣ፣ ሬዲየስ ነው ያለችውን ቁጥር በቦታው አስገብታለችና። ሦስተኛውን አጣች። ከ3 አንድ።

እዚህ ላይ ብዙ መምህር የሚሳሳትባት ቀጭን ሕግ አለች። «ከራሷ 1.4 ተነስታ 12.32 ማግኘቷ ትክክል ስለሆነ የውጤቱንም ማርክ ልስጣት» የሚል አለ። ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚከተለው ሕግ ይህን አይፈቅድም። ስህተቱ በተፈጸመበት በዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከስህተቱ በኋላ የአሠራር ማርክ ሊሰጥ ይችላል፣ የውጤት ማርክ ግን አይሰጥም። ተከታይ ማርክ የሚጀምረው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲታለፍ፣ ማለትም ከ(ሀ) ወደ (ለ) ነው። ይህ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ተማሪዋ በ(ሀ) ራሱ ከ3 ሁለት ታገኝ ነበር፤ የተሳሳተ መልስ ላይ የውጤት ማርክ መስጠት ደግሞ ስህተቱ የት እንደሆነ ይደብቅባታል።

(ለ) ላይ ስንደርስ መምህሩ 140 የሚለውን ቁልፍ ዞር አድርጎ ራሱ ማስላት አለበት፤ 12.32 በ1000 ሲባዛ 12320፣ ለ22 ሲካፈል 560። የተማሪዋም 560 ነው። ወደ ሊትር መቀየር 1፣ ለ22 ማካፈል 1፣ ውጤቱ በተከታይነት 1፤ ከ3 ሦስት። (ሐ) ላይም ማወዳደሯ 1፣ መደምደሚያዋ በተከታይነት 1፤ ከ2 ሁለት። ድምሩ ከ8 ስድስት ሆነ። ሁለት ማርክ አጣች፤ ሁለቱም የጠፉት ዲያሜትሩ ባለበት መስመር ላይ ነው።

(ሐ)ን ትንሽ ቆም ብለን እንያት፤ ለእኔ የዚህ አስተራረም ፍሬ ነገር እዚያ ነው ያለው። የመልስ ቁልፉ «ይሞላል» ይላል። ለዚች ተማሪ ግን ትክክለኛው መልስ «አይሞላም» ነው። በ(ለ) 560 ደቂቃ ጽፋ በ(ሐ) «አዎ ይሞላል» ብትል ኖሮ፣ ከቁልፉ ጋር የሚገጥም መልስ ይዛ ማርኩን ታጣለች፤ 9 ሰዓት ከ20 በ4 ሰዓት ውስጥ አይገባምና። ወይ ገምታለች፣ ወይ ከጎኗ ካለችው ልጅ ሰምታለች፣ ወይም የራሷን ቁጥር አላመነችበትም። ስለዚህ ተከታይ ማርክ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ቁልፉን ብቻ የሚያይ አራሚ የሚሸልመውን መልስ ባዶ ያስቀራል። ወላጆች «መልሱ ትክክል ሆኖ ለምን ኤክስ ተደረገበት?» ብለው የሚቆጡት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው መስመር ላይ ነው።

አሁን ነገሩን ትንሽ እናወሳስበው። ሌላ ተማሪ በ(ሀ) ያንኑ ስህተት ሠርቶ 12.32 አገኘ። በ(ለ) ደግሞ በ1000 ማባዛት ሲገባው በ100 አባዛና 1232 ሊትር ጻፈ፤ ለ22 አካፍሎ 56 ደቂቃ አገኘ። በ(ሐ) 56 ደቂቃ ከ4 ሰዓት ስለሚያንስ «ይሞላል» አለ። አሁን ሁለት ስህተቶች አሉ፣ መደምደሚያው ግን ከቁልፉ ጋር ገጠመ። መምህሩ ምን ያደርጋል? ሁለተኛው ስህተት አዲስ ነውና በራሱ ይቀጣል፤ የመቀየሪያዋን ማርክ ያጣል። ለ22 የማካፈሉን አሠራር ያገኛል። ስህተቱ በዚሁ ክፍል ውስጥ ስለተፈጸመ የ56ን የውጤት ማርክ አያገኝም። ወደ (ሐ) ሲታለፍ ግን 56 የተማሪው ይፋ መልስ ሆኗል፤ ማወዳደሩም መደምደሚያውም ከእሱ የተነሡ ናቸውና 2ቱም ይሰጣሉ። ድምሩ 1፣ 1 እና 2፤ ከ8 አራት። ልብ በሉ፣ ይህ ልጅ የ(ሐ)ን ማርክ ያገኘው መልሱ ከቁልፉ ስለገጠመ አይደለም። ያችኛዋ ልጅ «አይሞላም» ብላ ባገኘችበት ምክንያት ነው ያገኘው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚቻለው አሠራሩ ሲታይ ነው። (ለ) ላይ «560» ብቻ ተጽፎ ሌላ ምንም ባይኖር፣ አራሚው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ለትክክለኛ መልስ ብዙ መመሪያዎች ያለ አሠራርም ሙሉ ማርክ ይሰጣሉ፤ ለተሳሳተ መልስ ግን ተከታይ ማርክ የሚገኘው መንገዱ ወረቀቱ ላይ ካለ ነው። መሳሳቱ የማይቀር ተማሪ ከሁሉም በላይ አሠራሩን መጻፍ አለበት ማለት ነው። የሚገርመው ግን አሠራር መጻፍ «ጊዜ ማባከን» ነው ብለው የሚተዉት አብዛኛውን ጊዜ እነዚያው ናቸው።

በእኛ አገር ለዚህ አንድ ምክንያት አለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ነው የሚመለሰው፤ መልሱንም ማሽን ያርመዋል። በዚህ ዓይነት ፈተና ተከታይ ማርክ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም፤ 12.32 ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ቢቀርብ እንኳ እሱን የመረጠች ልጅና በዘፈቀደ የተሳሳተ ምርጫ የመረጠ ልጅ እኩል ዜሮ ያገኛሉ። ክፍል ውስጥ ሲሠራ የቆየ መምህር «ስቴፑን አይቼ ሰጠሁት» ይላል እንጂ ስንቱን ስቴፕ በምን ልክ እንደሰጠ የተጻፈ ነገር ላይኖረው ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ያሉ፣ ወይም እንግሊዝ አገር የጂሲኤስኢ ፈተና የሚቀመጡ ልጆች ወላጆች ግን ያለፉ ዓመታት የማርክ መመሪያዎችን ሲያገላብጡ ይህን ምሕጻር በየገጹ ያገኙታል።

ፎቶው ነገሩ ውስጥ ሲገባ አዲስ ችግር ይመጣል። ወረቀት በእጁ የያዘ አራሚ ገጽ ገልብጦ ወደ (ሀ) ይመለሳል። ፎቶ የተላከለት መምህር ግን አራት ምስሎች ይደርሱታል፤ ሦስተኛው ገጽ ቀድሞ፣ አንደኛው ገጽ ጥግ ተቆርጦ። ተከታይ ማርክ ደግሞ ጠቅላላ ጉዳዩ በሰንሰለቱ ላይ ነው፤ የ(ሀ) መልስ የተጻፈበት የታችኛው መስመር ከፎቶው ውጭ ከቀረ፣ (ለ) ላይ ያለው 12320 ከሰማይ የወረደ ይመስላል። አራሚው ፎቶውን እንዳየ መጀመሪያ ሊያደርግ የሚገባው ገጾቹን በቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ እያንዳንዱ ክፍል የሚነሣበት ቁጥር ከፊተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ መኖሩን ማየት ነው። ማርክ መስጠት ከዚያ በኋላ ነው።

በ2020 በኮቪድ ምክንያት የአሜሪካው ኮሌጅ ቦርድ የኤፒ ፈተናዎቹን በግንቦት ወር በቤት ውስጥ፣ በኢንተርኔት አሰጠ። በሂሳብና በሳይንስ ፈተናዎች ብዙ ተማሪ በእጁ ሠርቶ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ መጫን ነበረበት። የአንዳንዶቹ አይፎን ምስሉን HEIC በሚባል የፋይል ዓይነት ያስቀምጠው ስለነበር የፈተናው ገጽ አልቀበልም አለ፤ ጊዜያቸው አለቀ፣ ድጋሚ ፈተና እንዲወስዱ የተገደዱ ነበሩ። ቆይቶ በኢሜይል የመላክ አማራጭ ተጨመረ። የኤፒ ካልኩለስ አስተራረም ራሱ ከፊተኛው ክፍል የመጣን የተሳሳተ ቁጥር ተቀብሎ ለቀጣዩ ክፍል ነጥብ የሚሰጥ ነው፤ ይሁን እንጂ የትኛውም ደግ የማርክ መመሪያ ያልደረሰ ፎቶ ላይ ሊሠራ አይችልም።

ፎቶው ደርሶም ከሁሉ የከፋው ነገር የአሥርዮሽ ነጥብ ነው። ደብዘዝ ባለ ብርሃን የተነሣ ፎቶ ላይ 12.32 እንደ 1232 ይነበባል። ያንን ያነበበ መምህር «ወደ ሊትር ስትቀይር ተሳስታለች» ብሎ ሊቀጣት ይችላል፤ ጥፋቱ ግን የካሜራው ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ተማሪው ነጥቧን በእርግጥ ትቷት፣ አራሚው «ፎቶው ስላደበዘዘው ነው» ብሎ ያልፈዋል። መለያው ቀጣዩ መስመር ነው። የሚቀጥለው መስመር 12320 ከሆነ፣ ከላይ የነበረው 12.32 ነው ማለት ነው፤ በ1000 ተባዝቶ የሚመጣው እሱ ብቻ ነውና። የሚቀጥለው 56 ደቂቃ ከሆነ ግን 1232 በእርግጥም 1232 ነው፤ ለ22 ሲካፈል 56 ይሰጣል። ያልተነበበን ቁጥር ከተከታዩ መስመር ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል፤ ፎቶ ያረመ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይህን ሳያስበው ያደርገዋል። 1 እና 7ን፣ 4 እና 9ንም እንዲሁ ነው የሚለየው። በነገራችን ላይ ቴሌግራም ምስልን እንደ ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ለፈዛዛ እርሳስ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሌላው ፎቶ ላይ ብቻ የሚያስቸግር ነገር የተላጠ እርሳስ ነው። ተማሪዋ በ(ሀ) 12.32 ጽፋ፣ በ(ለ) በድንገት 3080 ሊትር ይዛ ብትነሣ ምን እንላለን? ስህተቷን ደርሳበት፣ ወደ (ሀ) ተመልሳ ማረም ረስታ ይሆናል። ከሌላ ሰው ደብተር ገልብጣም ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የመላጫ ምልክት፣ በጎን የተሠራች ትንሽ 0.7 × 0.7 ካለች ያስረዳናል፤ ፎቶው ግን እሱን አጥፍቶታል። የትልልቅ ፈተና አራሚ ልጅቱን ሊጠይቃት አይችልም፤ የተጻፈውን ብቻ ይመዝናል። የክፍል መምህር ግን «3080ን ከየት አመጣሽው?» ብሎ መልሶ መጻፍ ይችላል። እኔ ብሆን መልስ እስኪመጣ ማርኩን ባዶ እተወዋለሁ። «ቲቸር፣ ሬዲየሱ ግማሽ እንደሆነ በኋላ ትዝ አለኝ» ካለች (ለ)ን ሙሉ ትወስዳለች፤ (ሀ) ግን በተጻፈው ይቀራል።

የተከታይ ማርክ ወሰን የሚታይባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው የማይሆን ውጤት ነው። በ(ሀ) የተሳሳተ ተማሪ በ(ለ) የአንድ ነገር የመሆን ዕድል 1.3 ነው ብሎ ቢያገኝ፣ ስሌቱ በወጥነት ቢመጣም የመጨረሻውን የውጤት ማርክ አያገኝም። ዕድል ከ1 አይበልጥምና ቆም ብሎ መጠርጠር ነበረበት። የሳይን ዋጋ 1.5 መሆኑ፣ የርዝመት ኔጌቲቭ መሆኑም እንደዚያው ነው። የአሠራሩ ማርክ ግን ይሰጠዋል። የታንከራችን 12.32 ሜትር ኩብ ከዚህ ወገን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ታንከር ይኖራል፤ ልጅቱ ቁጥሩን አይታ የምትጠረጥርበት ምክንያት የላትም።

ሁለተኛው ስህተቱ ጥያቄውን ሲያቀልለው ነው። አንድ ተማሪ በ(ሀ) x² − 5x + 6 = 0 የሚል እኩልታ ማግኘት ሲገባው x²ን ጥሎ −5x + 6 = 0 ቢያገኝ፣ በ(ለ) «እኩልታውን ፍታ» ሲባል የሚጠብቀው የአንድ መስመር ሥራ ነው። ለ4 ማርክ የታሰበው ፋክተር ማድረግና ሁለት መልስ ማውጣት ነበር። እዚህ ላይ 4ቱንም መስጠት ያልተሠራን ሥራ መክፈል ነው፤ መመሪያዎቹ አራሚው አመዛዝኖ እንዲቀንስ ይፈቅዳሉ። ምን ያህል? አንዱ አራሚ 1፣ ሌላው 2 ይሰጣል፤ የትምህርት ክፍሉ መምህራን ከማረማቸው በፊት አንድ ወረቀት አብረው አርመው ካልተስማሙ በስተቀር ከዚህ ክርክር መውጫ የለም።

ወደ ታንከሯ ልጅ ወረቀት ስንመለስ፣ መምህሩ በፎቶው ላይ በስልኩ የሚጽፈው ነገር ጥቂት ነው። 1.4 የተተካበትን ቦታ ብቻ በቀይ ይከብበዋል፤ (ለ) እና (ሐ) ላይ ኤክስ አያደርግም። ከ560 ጎን «ከ12.32 ተነሥቶ ትክክል» ብሎ ይጽፋል፤ ልጅቱ 560ን እውነተኛው መልስ ነው ብላ እንዳትይዘው ደግሞ ከሥሩ «በ0.7 ብትሠሪው 140» ብሎ ይጨምርላታል። ከዚያ ከ8 ስድስት።